ከመቅደሱ በላይ የታሰረ ገመድ

ወረታ ላይ ትልቁ የእህል መጋዘን በሚሠራበት ጊዜ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። መዶሻ የሚወስድ ሁሉ በእኔ ፊት ያልፋል፤ ሳይመልስ ሊወጣ የሞከረ ደግሞ ምላሴን ይቀምሳል። ደርግ በየግድግዳው መፈክር በሚያስጽፍበት በዚያ ዘመን ሴት ቁልፍ ይዛ ወንዶችን ስታሰልፍ ማየት ለወረታ ሰው አዲስ ነገር ነበር። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከዕቃው ሁሉ የምሳሳው ለሦስቱ የደኅንነት ቀበቶዎች ነበር።

ቀበቶ ስላችሁ ወገብ ላይ ብቻ የሚታጠቅ እንዳይመስላችሁ። በትከሻ ወርዶ፣ ደረት ላይ ተቆልፎ፣ በሁለቱም ጭኖች ዙሪያ የሚጠመጠም የናይለን ማሰሪያ ነው፤ ሰውን እንደ አንቀልባ ያቅፋል። ደረቱ ላይ አነስ ያለ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ወፍራም የብረት ቀለበት አለው። ገመዱ በመንጠቆ የሚያያዘው ከጀርባው ነው። ምርመራውን ያስተማሩኝ ፎርማናችን ናቸው፤ ግማሽ ዕድሜያቸውን ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ የጎንደር ሰው። ማሰሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ፀሐይ ላይ አጥፈዋለሁ፤ ሲታጠፍ የተበላው ክር ብቅ ይላል። ስፌቱን በጣቴ እከተላለሁ፣ ቀለበቱ ላይ ስንጥቅና ዝገት እፈልጋለሁ፣ መንጠቆው ለቀቅ ሲደረግ ራሱ ተመልሶ መዘጋቱን አያለሁ። ከዚያ ገልብጬ በውስጥ በኩል እደግመዋለሁ። አንዳንዱ ሠራተኛ ቅማል ትፈልጋለች ይለኝ ነበር።

ሦስት የነበሩት ቀበቶዎች ሁለት የሆኑት በዘበኛችን ደግነት ነው። ከፎገራ ሜዳ የመጣ ገበሬ ነበር፤ የበሬ ጠፍር ቅቤ ካልጠጣ እንደሚደርቅ ያውቃል። አንዱ ቀበቶ የደረቀ ቢመስለው ጊዜ አዝኖለት ቅቤ ቀባው። ቅቤውን አይጥ ወደደችው፤ የጭኑን ስፌት እስከ ግማሽ ግጣ አደረች። ጠዋት ሳየው የሰውዬውን ዘር ማንዘር አነሳሁበት። ምስኪኑ ዘበኛ አይጥን እንጂ እሱን የምሰድብ አልመሰለውም፤ ከእኔ ጋር አብሮ ተራገማት።

በዚያው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከጣና በኩል የተነሣ ነፋስ የትውልድ አጥቢያችንን ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ከአናቱ ገነጠለው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተነቀለው ቆርቆሮ ደግሞ በትክክል ከመቅደሱ በላይ ያለው። ዝናብ ቢመጣ የሚወርደው በታቦቱ ላይ ነው። እናቴ ወሬውን ይዛ ወረታ ድረስ በእግሯ መጣች። መጋዘኑ ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራው ቆሞ ስለነበር ፎርማኑ ሰዎቻቸውን ይዘው ሊረዱ ተስማሙ። የሥራው ኃላፊ አላየሁም አልሰማሁም አለ፤ ያ በዚያ ዘመን ትልቅ ፈቃድ ነው። እኔም ሁለቱን ቀበቶዎች፣ ገመዱንና ካሩኮላውን፣ ገመድ አልፎበት ዕቃ የሚነሣበትን ተሽከርካሪ ጎማ፣ ፈርሜ አወጣሁ። እንዳይጠፉብኝ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሄድኩት በወንድሜ ምክንያት ነው።

ታናሽ ወንድሜ በዚያ ደብር ቄስ ነበር። የደብሩ አለቃ፣ ዓይናቸው የደከመ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ፣ ሠራተኞቹ ከውጭ በኩል ያለውን ጣራ እንዲሠሩ ፈቀዱ። ታቦቱ ከመንበሩ ስላልወጣ ግን ከመቅደሱ አናት ላይ የሚቆም ካህን ብቻ ነው፤ እሱም በጾም አሉ። ካህናቱ ተያዩ። ግማሾቹ አርጅተዋል፣ አንዱ ያነክሳል። ዕጣው ያለ ዕጣ በወንድሜ ላይ ወደቀ። እሱ ደግሞ ከቤታችን ጓሮ ዛፍ ላይ እንኳ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እናቴ ደስ አላት፤ እኔ ቀበቶዎቹን አውጥቼ እንደገና መመርመር ጀመርኩ።

ሠራተኞቹ የባሕር ዛፍ መወጣጫ በጣራው ዙሪያ አቆሙ፤ ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ ቀብረው፣ አግድሞቹን በሽቦ አስረው፣ እያንዳንዱን መርገጫ እየዘለሉበት ፈተኑት። ጣራው ላይ መሰላል ተኛ። የቀረው ትልቁ ጥያቄ ነበር፤ የወንድሜ ገመድ ከምን ላይ ይታሰራል? ፎርማኑ ቀበቶ ያለ ጠንካራ ማሰሪያ ጌጥ ነው ይሉ ነበር። ጣራውን ከሥር አይተው የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን ማሰሪያው ያለው እሳቸው ሊገቡ በማይችሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ወንድሜን ከመቅደሱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስነገሩት። ከግንብ እስከ ግንብ የተጋደመ ወፍራም የጽድ አግዳሚ እንዳለ ነገራቸው፤ ጣራው በሙሉ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። እዚያ ላይ፣ መንበሩ ካለበት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንዲያስር አዘዙት። ከአግዳሚው እስከ ወለሉ ያለውን ቁመት በክር አስለኩት፤ በዚያ ልክ የሚያጥርበትን ቦታ ገመዱ ላይ ምልክት አደረጉበት፣ ቢወድቅ ወለል ሳይነካ እንዲቀር። ቋጠሮውን በእናቴ ደጅ ምሰሶ ላይ እስኪሰለቸው አስተማሩት።

ወንድሜ በቀዳዳው ገብቶ አስሮ ወጣ። ታስሯል አለ። ፎርማኑ ግን አንድም ሰው ጣራ ላይ ሳይኖር ሌላውን የገመድ ጫፍ ወደ ግቢው አስወርደው፣ ጠንካራ ጠንካራ ወንዶች ቀስ ብለው እንዲጎትቱ አዘዙ። የቆርቆሮው ጠርዝ ገመዱን እንዳይበላው ከሥሩ ጆንያ አስነጥፈዋል። ወንዶቹ ተዘነበሉ። መጀመሪያ የእንጨት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጉልላቱ ከነመስቀሉ ወደ እኛ አዘነበለ። ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ጮኹ። ፎርማኑ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

ወንድሜ ያሰረው ከጉልላቱ ምሰሶ ላይ ነበር። ለምን ቢባል አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎ እንደተናገረው፣ አግዳሚው ታቦቱ ካለበት ክፍል አናት ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የሰው ገመድ መቋጠር ድፍረት መሰለው፤ ጉልላቱ ግን መስቀል የተሸከመ ነው፣ መስቀል ደግሞ አይጥልም። ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ እናቴም ጭምር። እኔ ብቻ ነኝ የተንገበገብኩት። ጉልላት መስቀል ለመሸከም የቆመ ነገር ነው፤ ሰው ሲወድቅ የሚመጣውን ክብደት ሊይዝ አልተሠራም። ፎርማኑ አልተቆጡትም።

«አባ፣» አሉት፣ «እኔ እዚያ ገብቼ ማየት አልችልም። ዓይኔ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልነገሩኝ ዕውር ነኝ።»

ወንድሜ ወደ አለቃው ዞረ፤ ሁላችንም ዞርን። አለቃው መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ። ከዚያ የተናገሩት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«ያ እንጨት የእግዚአብሔርን ቤት ተሸክሞ ኖሯል። የእግዚአብሔርን አገልጋይ መሸከም ነውር ይሆንበታልን? ሂድ፣ እሰር።»

ወንድሜ ተመልሶ አግዳሚው ላይ አሰረ። አሁንም ወንዶቹ ጎተቱ፤ አንዱ ተረከዙ ሣሩን እየፈነቀለ እስኪንሸራተት ጎተቱ። ከላይ አንድ ድምፅ እንኳ አልመጣም። ያን ጽድ ማን እንደቆረጠው፣ በስንት በሬ እንደተጎተተ፣ ማን ከግንቡ ላይ እንዳሳረፈው የሚያውቅ የለም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሥሩ ስሳለም አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ያን ቀን ግን ከውጭ ሆኜ ገመዱ ቀጥ ብሎ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር ሳይ አሰብኩት።

ፎርማኑ አሁንም አልጨረሱም። ቢወድቅ በምን እናወርደዋለን ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ግቢውን አስቆጣ። ሽማግሌዎቹ ሟርት ነው አሉ፣ አፍዎን ይያዙ አሏቸው። ፎርማኑ ግን ድልድይ ሥራ ላይ ያዩትን ተናገሩ። አንድ ሰው ወድቆ ቀበቶው ይዞት ነበር፤ ሰው ሁሉ ተረፈ ብሎ እልል አለ፤ መሰላል ፍለጋ እስኪሄዱ ግን ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ሲያወርዱት ሞቶ ነበር። ሳይንቀሳቀስ በጭን ማሰሪያ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ወርዶ ይቀራል፣ ወደ ልቡ አይመለስም። ቀበቶ ያተርፋል፣ ቶሎ ካላወረዱ ግን መልሶ ይገድላል። ይህን ሲሰሙ ሟርት ያሉት ሰዎች ራሳቸው መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

ስለዚህ ካሩኮላው በዚያው አግዳሚ ላይ ታሰረ። ሁለተኛ ገመድ በእሱ ውስጥ አልፎ በጣራው ቀዳዳ ወጥቶ በግቢው ላሉት ሠራተኞች ደረሰ፤ መንጠቆ ያለው ጫፉ ውስጥ ቀረ። አንድ መሰላል መቅደሱ ደጃፍ ላይ ተጋደመ። ውስጥ የሚሠሩት ካህናት ናቸው፤ የሚጎትቱት ምእመናን። በአሸዋ የተሞላ ጆንያ አንጠልጥለው ሞከሩት፤ መጀመሪያ ከፍ ማድረግ፣ ክብደቱ ከሁለተኛው ገመድ ላይ ሲያርፍ የፊተኛውን መንጠቆ መፍታት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውረድ። ካህናቱ ከግንቡ ውስጥ ሆነው ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ እያሉ ሲጮኹ እንደ ልጅ ሳቁ። አለቃው ብቻ አልሳቁም፤ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

በማግስቱ ወንድሜን ያስታጠቅኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ ቄስ ነውና። የጭኑን ማሰሪያ መዳፌ ጠፍጣፋ ሆኖ ብቻ እንዲገባ አድርጌ አጠበቅኩት። በላዩ ላይ ጋቢውን ሊደርብ ሲል ከለከልኩት። እግሩ ባዶ ነው፣ ሆዱም ባዶ። ፎርማኑ ጥቂት ውኃ እንኳ ቢቀምስ ብለው ነበር፤ አልተሳካላቸውም።

ከዛፎቹ ጥላ ሥር ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ቀና ብዬ እመለከታለሁ። ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል፤ ከብቶቹ ርቀው ነጠብጣብ ይመስላሉ። ወንድሜ ከላይ ነጭ ቀሚሱ በነፋስ እየተራገበ ምስማር ይመታል። እየደፈረ ሲሄድ አየሁት። አንዱን ቆርቆሮ መታ፣ ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛውን ሊቀበል ወደ ጎን ሲራመድ የረገጠው ማገር ምስጥ የበላው ነበር፤ ከላይ ሲያዩት እንጨት ነው፣ ውስጡ ዱቄት። ቀጭ አለ፤ ወንድሜም ጠፋ።

ከውስጥ ከባድ የሆነ ነገር ድም ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥታ። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። «አንተ! አንተ!» ብዬ ጮህኩ፤ ቄስነቱ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። የሮጥኩት ወደ መቅደሱ ነበር፤ ፎርማኑ ክንዴን ይዘው ግንቡ ሥር አስቆሙኝ። እሳቸውም ጆሯቸውን ከግንቡ ላይ አድርገው ነበር። ከውስጥ ካህናት ሲሮጡ ይሰማል። ከዚያ የአለቃው ድምፅ መጣ፤ ገመዱ ይዞታል፣ በአየር ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ተከድኗል።

ፎርማኑ አፋቸውን ከግንቡ ላይ ለጥፈው መሩ። እግሩን ከሥር ይደግፉት፣ ክብደቱ ከጭኑ ላይ ይነሣ፤ መሰላሉን አምጡ፤ መንጠቆውን ደረቱ ላይ ባለው ቀለበት አስገቡ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ገመዱን ጨብጠው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ምንም አያዩም። የሚያዩት ካህናት ደግሞ ካሩኮላ ነክተው የማያውቁ ናቸው። በመካከላቸው ያ ወፍራም ግንብ አለ። በሁለቱ ወገን ያሉት ሰዎች የሚገናኙት በድምፅና በአንድ ገመድ ብቻ ነበር።

በኋላ ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ነፍሱን ሲያውቅ ያየው የመጀመሪያ ነገር የአለቃው ነጭ ጥምጥም ነው፤ ከእግሩ ሥር። አለቃው መሰላሉ እስኪመጣ አልጠበቁም። ከተንጠለጠለው ሰው ሥር ገብተው ቆመው ሁለቱን ባዶ እግሮቹን በትከሻቸው ላይ አሳርፈውታል። ራሳቸውን ለመሸከም መቋሚያ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ከሥር ሆነው እየተንቀጠቀጡ ያሉትን አሁንም ያስታውሳል። «ርገጠኝ ልጄ፣ ርገጠኝ። እግርህን አንቀሳቅስ።» ወንድሜ አለቃውን መርገጥ አፍሮ እግሩን ሊያነሣ ሞከረ። እሳቸው ግን ቁርጭምጭሚቱን ይዘው መልሰው በትከሻቸው ላይ ተከሉት። እንዲህ ያለ ነገር በመቅደስ ውስጥ ተደርጎ ያውቃል?

መንጠቆው ገባ። ከውስጥ ሳብ አሉ፤ ከውጭ ሠራተኞቹ ሳቡ። የፊተኛው ገመድ ላላ፤ ተፈታ። ልቀቅ፣ ቀስ፣ ቀስ። ገመዱ በሠራተኞቹ እጅ እየተንሸራተተ ሲያልፍ እያየሁ ወንድሜ በሌላ ወገን እየወረደ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ካህናት ከመንበሩ ፈቀቅ አድርገው ወደ ራሳቸው ጎትተው አሳረፉት። ተሸክመው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ሲያወጡት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ይተነፍሳል፤ አወቀኝም። ወለሉ ላይ አጋደምነው፣ ቀበቶውን ፈትቼ አወለቅኩለት። የሚሰማውንና የማይሰማውን ቦታ ፎርማኑ ጠየቁት፤ እግሩን አንቀሳቀሰ። ቢሆንም በአልጋ ተሸክመን ወረታ ክሊኒክ እስክናደርሰው አላመኑም። ጤና ረዳቱ አሳድሮ አየውና የተሰበረ ነገር የለም አለ።

የእልልታው ነገር አይነሣ። ስንመለስ ቀበቶው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ሰው እየተሳለመው አገኘሁ። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ታስነካዋለች። ለታምሩ ምስክር ሆኖ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ይቀመጣል ተባለ፤ ከዚህ በኋላ ጣራ ላይ የሚወጣ ሁሉ እሱን ይታጠቃል፣ የያዘ ቀበቶ ነውና። አንድ ጊዜ ሰው የያዘ ቀበቶ ሁለተኛ አይታጠቁትም፤ ስፌቱ በማይታይ ቦታ ተስቧል፣ ክሩ ደክሟል። እነሱ ግን እንደ ታቦት አክብረው፣ አምነው፣ ታጥቀውት ይወጣሉ፤ ሁለተኛው ሰው ሲወድቅ አይመለስም። እኔ ታምር አልነበረም አላልኩም። አግዳሚው እንዴት እንደያዘ፣ የአለቃው ትከሻ እንዴት እንደቻለ ባሰብኩ ቁጥር እኔም እንበረከካለሁ። ግን ቢላ ጠየቅኩ።

በሰው ሁሉ ፊት የጭኑን ማሰሪያ ቆረጥኩት፣ የትከሻውን ቆረጥኩት። እናቴ ጡቷን የነከስኩባት ያህል አየችኝ። ሰዉ አጉረመረመ። ቁርጥራጩን ለአንገት ማተብ ብለው ተቀራመቱት፤ ያን ተውኩላቸው፤ ማተብ ማንንም ጣራ ላይ አያወጣም።

እናቴ ቤት ገብታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ማምሻ ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን በቅቤ እንድታሽለት ተቀመጠ። ጭኖቹ ላይ የማሰሪያው ልክ ወጥቶ ነበር፤ እንደ ወይን የጠቆረ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ስፌቱ ሳይቀር ታትሞ። እናቴ በጣቷ ተከተለችው፤ ከውስጥ ጭኑ ጀምራ እስከ ውጭ። ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ክር ምን ያህል ሲወጠር ምን እንደሚሆን ለእሷ የሚነግር የለም። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ። «ይህን ያህል ነው የከበድኸው?» አለችው።

የመቅደሱ አናት ግን ከበፊቱ ይልቅ ተከፍቶ ነበር፤ ደመናውም ከጣና በኩል ቆሟል። ምስጥ የበላው ማገር ሁሉ እንዲለወጥ፣ መርገጫ ሳንቃ እንዲዘረጋ ፎርማኑ አዘዙ፤ ያን የሚሠራው ካህን ነው። ወንድሜ እግሩ ሲሻለው እኔው እጨርሰዋለሁ አለ። የቀረው አንድ ቀበቶ ነው። ጠዋት ልመረምረው ከኮሮጆዬ ሳወጣ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ከእኔ ጋር ካልተነጋገረች ሰንብታለች። «ወዲህ በይው» አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ይዛው ወጣች። እኔ ስሠራ ያየችውን ሠራች፤ በሁለት እጇ ይዛ አጠፈችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለች፣ ቀለበቱን ከዓይኗ አስጠግታ አገላበጠች፣ መንጠቆውን ከፍታ ስትለቀው ራሱ መዘጋቱን ሰማች። ወንድሜ ታጥቆ ሊወጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሠራተኞቹም ይጠብቃሉ። አንድም የተበላ ክር አላገኘችም። ጨርሳ ትሰጠኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን ገለበጠችውና ከጫፉ እንደገና ጀመረች።